ለብሎክ 14 ጎረቤቶች፦ የፍልሰታ የጋራ ማዕዳችን

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። እንኳን ለጾመ ፍልሰታ በሰላም አደረሳችሁ።

የጋራ ማዕዳችን እሁድ ነሐሴ 10 ቀን ኮሚናሉ ውስጥ ነው። እሁድ ስለሆነ ቅዳሴው በጠዋት ይወጣል። ስለዚህ 6:30 ላይ እንቀመጥ ተባብለናል። የነሐሴ ዝናብ አያስቸግረንም፣ ጣሪያው ደህና ነው።

ዘንድሮ መጠኑን በየቤቱ የጻፍኩት ባለፈው ዓመት በሆነው ነው። ሦስት ቤት ሽሮ ይዞ መጣ፣ እንጀራው ግን ገና ግማሹ ሰው ሳይበላ አለቀ። ከቤተ ክርስቲያን ዘግይተው የመጡት እናቶች ዳቦ በልተው ሄዱ። እኔ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

አዋቂ 38፣ ልጆች 14 ነን። ለአዋቂ ሁለት፣ ለልጅ አንድ እንጀራ ብለን ስናስበው 90 ይሆናል። ለጥበቃዎቻችንና በቤተ ክርስቲያኑ በር ላሉት ነዳያን 20 ጨመርን። በድምሩ 110 ነው። 102፣ 104 እና 303 ሠላሳ ሠላሳ ይጋግራሉ። 401 ሃያ። እባካችሁ ለቅዳሜ ማታ አታቆዩት፣ መብራት ከጠፋ ጉድ እንሆናለን። አርብ ቢጋገር ይሻላል።

ወጡ እንዲህ ተከፍሏል፦

203፣ የመንታዎቹ እናት፦ ምስር ክክ 3 ኪሎ። ቀይ ወጡን እሷው ትሠራዋለች፣ እጇን ሁላችንም እናውቀዋለን።

205፣ እኔ፦ ሽሮ 2 ኪሎ፣ ለሁሉም ወጥ የሚሆን በርበሬ ግማሽ ኪሎ።

304፦ ጥቅል ጎመን 5 ኪሎ፣ ድንች 4 ኪሎ፣ ካሮት 2 ኪሎ። አልጫ ነው፣ ቃሪያ አይግባበት፤ ልጆቹ የሚበሉት እሱን ነው።

302፦ ጎመን 12 እስር። ለስንግ የሚሆን ቃሪያ 1 ኪሎም ከእናንተ ነው።

401፦ ከእንጀራው ሌላ ለፍትፍት ቲማቲም 4 ኪሎ። እዚያው ትኩስ ትኩሱን ይፈተፈት።

101፣ እማማ፦ ተልባ ግማሽ ኪሎ፣ ተቆልቶና ተወቅጦ። እማማ፣ ደረጃው ላይ እንዳይደክምዎት፣ እኔ መጥቼ እወስደዋለሁ።

204፣ ወንድሞቻችን፦ ሽንኩርት 8 ኪሎ፣ ዘይት 5 ሊትር። ውሃም ባለ 25 ሊትር ሁለት ጀሪካን ሙሉልን፤ ወረፋችን ሐሙስ ስለሆነ አስቀድማችሁ ያዙ። ሽንኩርቱ ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ ኮሚናሉ ጋ ይላጣል። እጁ የሚፈታ ሁሉ ቢላ ይዞ ይምጣ።

403፦ ድፎ ዳቦ 2፣ ከሰል ግማሽ ጆንያ።

402፦ ቡና 1 ኪሎ፣ ስኳር 1 ኪሎ። እነሱ ሙስሊም ናቸው፤ ጾሙ የእናንተ ቢሆንም ቡናው የእኛ ነው ብለው ራሳቸው ናቸው የጠየቁኝ። በረመዳን ሳምቡሳ ያላደረሱልን ቤት የለምና ልብ የሚያሞቅ ነገር ነው። ረከቦትና ጀበናም ከእነሱ ነው።

ሦስት ነገር አደራ። ቅቤ የነካው ድስትና ማማሰያ አይምጣ። ከተቻለ ለጾም የለያችሁትን አምጡ፣ ካልሆነ በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግማችሁ እጠቡት። ዳቦው ላይም ወተትና እንቁላል እንዳይገባ። ሌላው፣ ከልጆቻችን አንዱ ለውዝ አይስማማውም፤ ትንሽ ከቀመሰ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ በምንም ምግብ ላይ ለውዝ አይጨመር፣ የለውዝ ቆሎም አይቅረብ። ይሄን ቀላል አታድርጉት።

የተጻፈለት መጠን የከበደው ቤት ካለ ለእኔ ብቻ ይንገረኝ። ኑሮው የት እንደደረሰ ሁላችንም ገበያ ስንወጣ እናየዋለን። ቀንሰን ለሌላ እናካፍላለን፣ ማንም አይሰማም። ምንም ሳይዝ የሚመጣም ቤት ቢኖር ወንበሩ አለ። ዋናው መምጣቱ ነው። ሥራ ላይ ሆኖ መቀመጥ ለማይችል ሰው ሳህን እናስቀምጥለታለን፣ እስከ ቅዳሜ ማታ ንገሩኝ።

መለዋወጥ የምትፈልጉም እስከ ረቡዕ አሳውቁኝ። ከረቡዕ በኋላ ሰው ገበያ ይወጣል፣ ይምታታብናል።

ትሪ 6 ያስፈልገናል፣ 3 አለኝ። ትልቅ ትሪ ያላችሁ በሬን አንኳኩ። ወንበር ግን እያንዳንዱ ቤት በሰው ቁጥር ልክ ይዞ ይውረድ። ድስታችሁና ትሪያችሁ ላይ የቤት ቁጥራችሁን በፕላስተር ለጥፉበት፤ የአምናው አንድ ሰማያዊ ክዳን እስካሁን እኔ ጋ ባለቤቱን እየጠበቀ ነው።

የ205 እህታችሁ