የስታቲክስና ስትሬንግዝ ፈተና፦ የመጨረሻው ሳምንት እቅዳችን

ፈተናው የሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ነው። በምዕራፍ ሳይሆን በጥያቄ ዓይነት እንሂድ።

ሰኞ፦ ሪአክሽን። ፍሪ ቦዲ ዲያግራም ሳይሳል ቀመር አይጻፍም። ፒን ሁለት ሪአክሽን አለው፣ ሮለር አንድ፣ ፊክስድ ሁለት ኃይልና አንድ ሞመንት።

ማክሰኞ፦ ትረስ። መጀመሪያ ዜሮ ፎርስ ሜምበሮችን ለዩ። የተጠየቀው ሁለት ሦስት ሜምበር ብቻ ከሆነ በሴክሽን ቁረጡ፤ ጆይንት በጆይንት መሄድ ሰዓት ይበላል። ማታ ሴንትሮይድና I።

ረቡዕና ሐሙስ፦ ሺርና ሞመንት ዲያግራም። ሁለት ቀን የሰጠሁት የቢም ስትሬስ ሁሉ እዚህ ላይ ስለሚቆም ነው። በዚህ ጀምሩ፦ 6 ሜትር ሲምፕሊ ሰፖርትድ ቢም፣ ጭነቱ 10 kN/m። ሪአክሽኖቹ 30 kN ናቸው። ሺር መሃል ላይ ዜሮ ይሆናል፣ ሞመንቱም እዚያው ከፍተኛ ነው፦ wL²/8 = 45 kN·m። ሴክሽኑ 200 በ300 ሚሜ ከሆነ σ = My/I 15 MPa ይሰጣል። ከዚያ የነጥብ ጭነት ጨምሩበት፣ ኦቨርሃንግም ሞክሩ።

ዓርብ፦ δ = PL/AE እና τ = Tr/J። በኒውተንና በሚሊሜትር ሥሩ፣ ስትሬሱ በቀጥታ በMPa ይወጣል።

ቅዳሜ፦ ሞርስ ሰርክልና ባክሊንግ።

እሁድ፦ አንድ የድሮ ፈተና፣ ሰዓት ተይዞ። ከምሳ በኋላ አዲስ ጥያቄ የለም። ማታ በጊዜ ተኙ፣ እባካችሁ።