አንቀጽ 9፦ ዋስትናና ኃላፊነት (ከጣሊያንኛ የተተረጎመ)

9.1 ሻጭ የቡና መቁያ ማሽኑ ከአሠራርና ከጥሬ ዕቃ ጉድለት ነጻ ስለመሆኑ፣ ርክክብ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ ለ12 ወራት ዋስትና ይሰጣል።

9.2 ገዢ የተደበቀ ጉድለት ባገኘ በ8 ቀናት ውስጥ ለሻጭ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ካላሳወቀ በዋስትናው የመጠቀም መብቱን ያጣል። ሻጭ ጉድለቱን ካመነ ወይም ከደበቀ ማሳወቅ አያስፈልግም።

9.3 ጉድለቱ ሲረጋገጥ ሻጭ የተበላሸውን ክፍል በራሱ ወጪ የመጠገን ወይም የመተካት ግዴታ አለበት። ከሁለቱ አንዱን ሊመርጥ ይችላል፤ ሁለቱንም መተው ግን አይችልም።

9.4 በአገልግሎት ብዛት የሚያልቁ ዕቃዎች በዋስትናው አይሸፈኑም።

9.5 ሻጭ ለታጣ ትርፍ ተጠያቂ አይሆንም፤ የካሳው መጠንም ከውሉ ዋጋ፣ ከ48,000 ዩሮ፣ ሊበልጥ አይችልም። ሆኖም ሻጭ አስቦ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ላደረሰው ጉዳት ይህ ገደብ ተፈጻሚ አይሆንም (የጣሊያን ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1229)።

የተርጓሚው ማስታወሻ፦ በ9.2 ያለው «ዶቭራ» በጣሊያንኛ የወደፊት ጊዜ ቅርጽ ይኑረው እንጂ ግዴታን ነው የሚገልጸው። ስለዚህ «ያሳውቃል» አላልኩም፤ እንዲያ ቢባል ተስፋ ወይም ልማድ ይመስላል። በ9.3 ያለው «ፖትራ» የምርጫ መብት ነው። አስቸጋሪው በ9.5 ያለው «ኖን ፖትራ» ነበር፤ የመጀመሪያው ረቂቅ «ላይበልጥ ይችላል» ይል ነበር፤ ይህ ደግሞ ሊበልጥም ይችላል ማለት ነው! አሉታው ቦታውን በመሳቱ ብቻ የካሳው ጣሪያ ሊፈርስ ነበር። «ሊበልጥ አይችልም» በሚለው ታርሟል።