ጉዳዩ፦ ከዳይሬክተሮች ቦርድ አባልነት ስለመልቀቅ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ የቦርድ ሰብሳቢ
ግልባጭ፦ ለቦርድ አባላትና ለውጭ ኦዲተራችን

ጤና ይስጥልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ከቦርድ አባልነትም ከኦዲት ኮሚቴም ለቅቄያለሁ። ምክንያቱን ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልንገርዎት። የ2017 በጀት ዓመት የሂሳብ መግለጫችን ትክክል ነው ብዬ አላምንም፤ በማላምንበት ላይ ደግሞ አልፈርምም።

ዋናው ነገር ቀብዱ ነው። ሆቴላችን ለ2018 ሰርግና ስብሰባ እስከ ሰኔ 30 ድረስ የተቀበለው 6.4 ሚሊዮን ብር የ2017 ገቢ ተደርጎ ተመዝግቧል። አዳራሹን ለጥር የያዙት ሙሽሮች ገና ሽማግሌ እየላኩ ነው፣ እኛ ግን ሰርጋቸውን ደግሰን የጨረስን ያህል ትርፉን ቆጥረነዋል። ውላችን ራሱ ደንበኛው ከ30 ቀን በፊት ከሰረዘ ቀብዱ ይመለስለታል ይላል። ሥራ አስኪያጁ «ገንዘቡ እኮ ባንክ ገብቷል» አሉ። መግባቱን ማን ካደ? አገልግሎቱ እስኪሰጥ ድረስ ግን ለደንበኛው ያለብን ዕዳ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት የምንከተለው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃም የሚለው ይህንኑ ነው።

ቀብዱ ሲወጣ ከግብር በፊት ያለው 9.1 ሚሊዮን ትርፍ 2.7 ሚሊዮን ይሆናል። እሱም የዘጌ መስመር ጀልባዎች ሳይነኩ ነው። ሁለቱን ሄጄ አይቻቸዋለሁ፤ ሞተራቸው ወልቋል፣ የአንዷ ወለል በስብሶ ውሃ ቋጥሯል። በመዝገባችን ላይ ግን እንደሚሠሩ ጀልባዎች ነው ዋጋቸው የተያዘው።

በጣም የከነከነኝ የትርፍ ድርሻው ነው። በዚህ ሂሳብ ላይ ተመሥርተን ለጠቅላላ ጉባኤ የትርፍ ክፍፍል ልናቀርብ ነው። ከባለአክሲዮኖቻችን መካከል የዕቁብ ዕጣቸውን ሳይነኩ አምጥተው አክሲዮን የገዙ ጡረተኛ መምህራን አሉ። ዘንድሮ ከደንበኞች ቀብድ ላይ ቆርሰን ብንሰጣቸው፣ ጥር ላይ ለሰርጉ የሚወጣው ወጪ ከየት ይመጣል? ደግሞም አዲስ አክሲዮን ለመሸጥ በዝግጅት ላይ ነን፤ ገዢው ይህንን ቁጥር አይቶ ነው ገንዘቡን የሚያወጣው።

ነሐሴ ላይ ለኦዲት ኮሚቴው በጽሑፍ አሳውቄያለሁ። በመስከረሙ ስብሰባም እጄን አውጥቼ ተቃውሜያለሁ፤ ቃለ ጉባኤው ግን «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ይላል። ይሄ በፍጹም ልክ አይደለም። ተቃውሞዬ ከነምክንያቱ ገብቶ ቃለ ጉባኤው ይታረም፤ ይህ ደብዳቤም በጠቅላላ ጉባኤው ይነበብ።

ከማንም ጋር የግል ቅሬታ የለኝም። የሂሳብ ክፍሉ ልጆች የታዘዙትን ነው የሠሩት፤ እባክዎ ነገሩ በእነሱ ላይ እንዳይላከክ። ኦዲተሩ ማብራሪያ ከፈለገ ስልኬ ክፍት ነው። በእጄ ያሉትን የቦርድ ሰነዶች ሰኞ ጠዋት ለጸሐፊዋ በፊርማ አስረክባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የቦርድና የኦዲት ኮሚቴ አባል የነበርኩ
(ፊርማ)