ሁለተኛ ወር የገባ የሱቅ ኪራይ ውዝፍን ስለማሳሰብ

ቀን፦ መጋቢት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.
ደብረ ብርሃን

ለአቶ ሽመልስ ጌታነህ
የሱቅ ቁጥር 2 (ሥጋ ቤት) ተከራይ

ጉዳዩ፦ ያልተጠናቀቀውን የየካቲትና ያልተከፈለውን የመጋቢት 2018 ዓ.ም. ኪራይ ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ አቶ ሽመልስ፤

ጥቅምት 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ለሁለት ዓመት በተፈራረምነው የኪራይ ውል መሠረት የሱቁ ወርሃዊ ኪራይ 14,000 ብር ነው። የሚከፈለውም ወር በገባ እስከ 5ኛው ቀን ነው። የየካቲት ኪራይ ተሟልቶ አልተከፈለም፣ የመጋቢት ደግሞ ጨርሶ አልገባም። የካቲት 14 ቀን በስልክ፣ መጋቢት 7 ቀን ደግሞ ሱቁ ድረስ መጥተን ተነጋግረናል። ሁለቱም ጊዜ «ሰሞኑን አስገባለሁ» ብለውናል። ገንዘቡ እስከ ዛሬ ስላልገባ በጽሑፍ ማሳሰብ ግድ ሆኗል።

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንተማመን። የየካቲት ኪራይ 14,000 ብር ሲሆን የካቲት 21 ቀን 4,000 ብር ገብቷል፤ 10,000 ብር ይቀራል። የመጋቢት ኪራይ 14,000 ብር እንዳለ ነው። የየካቲት የመብራት ድርሻዎ 1,380 ብር ነው። ድምሩ 25,380 ብር ይሆናል።

የመብራቱ ሒሳብ እንዲህ ተሠርቷል። የሱቅዎ ንዑስ ቆጣሪ የካቲት 1 ቀን 4,812፣ መጋቢት 1 ቀን 4,996 ያነባል፤ ልዩነቱ 184 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ዋናው ቆጣሪ በዚያው ወር 276 ቆጥሮ ቢሉ 2,070 ብር መጥቷል። የእርስዎ ከሦስት ሁለት እጅ ስለሆነ 1,380 ብር ደረሰብዎ። የቢሉ ፎቶ ኮፒና የሁለቱ ቀን የቆጣሪ ፎቶ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። በጾሙ ምክንያት ሱቁ ተዘግቶ ሳለ ቆጣሪው መዞሩ እንዳይገርምዎ፤ መጋቢት 7 ቀን ስንመጣ ትልቁ ፍሪጅ ባዶውን እየሠራ ነበር። እስከ ፋሲካ ሥጋ የማይገባበት ከሆነ ከሶኬት ይንቀሉት፣ በረዶው ይቅለጥና ይታጠብ፣ ከዚያም ሽታ እንዳይዝ በሩ ገርበብ ብሎ ይቆይ። የመጋቢት ንባብ ሚያዝያ 1 ቀን ጠዋት ይወሰዳል፣ እርስዎ ወይም ሠራተኛዎ ቆማችሁ አይታችሁ ብትፈርሙ ይሻላል።

የካቲት 21 ቀን ስለገባው 4,000 ብር አንድ ነገር ልናሳውቅዎ ይገባል። ገንዘቡ የመጣው ከሌላ ሰው ሂሳብ ሲሆን የምክንያቱ ቦታ ባዶ ነበር። የማን መሆኑ ሳይታወቅ ስምንት ቀን ቆይቶ እርስዎ በስልክ ሲነግሩን ነው በስምዎ የመዘገብነው። ቤቱ የሦስት ወራሾች ስለሆነ እያንዳንዱ ገቢ በመዝገብ ላይ ስምና ወር ሊኖረው ግድ ነው። ከእንግዲህ በውሉ ላይ በተጻፈው የባንክ ሂሳብ ብቻ ያስገቡ፣ በምክንያቱ ቦታ «ሱቅ 2 የየካቲት ኪራይ ቀሪ» ብለው ይጻፉ። መብራቱን ለብቻው ያስገቡት። ወንድምዎ ወይም ሠራተኛዎ ቢልክልዎም ይኸው ጽሑፍ ይኑርበት፣ የደረሰኙንም ፎቶ በዚያው ቀን ይላኩልን። በእጅ ለልጆቻችን የሚሰጥ ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም። ይህ እርስዎን ካለማመን የመጣ አይደለም፤ ደረሰኝ የሌለው ገንዘብ በኋላ ሰጪውንም ተቀባዩንም ያጣላል።

ሥጋ ቤት በዐቢይ ጾም 55 ቀን ገበያ እንደማይኖረው እናውቃለን፣ ዘንድሮም ጾሙ የካቲት 9 ቀን ገብቷል። ነገር ግን የየካቲት ኪራይ ይከፈል የነበረው እስከ የካቲት 5፣ በቅበላው ሳምንት፣ ሥጋ በብዛት በሚሸጥበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ የመጋቢቱን መዘግየት በጾሙ ምክንያት እንረዳዋለን፣ የየካቲቱን ግን በዚያ ልንቀበለው አንችልም። የሚቀጥለው ዓመት ጾም ሲመጣም ከጥምቀት ጀምሮ ከየሳምንቱ ሽያጭ ለሁለቱ ወር ኪራይ እየቀነሱ ቢያስቀምጡ መልካም ነው፤ ጾሙ የሚገባበት ቀን አስቀድሞ የታወቀ ነው።

አሁን የሚያሳስበን ወሩ በወር ላይ መደረቡ ነው። ሚያዝያ 5 ቀን፣ የፋሲካ ማግስት፣ የሚያዝያ ኪራይ ሲጨመር ዕዳው 39,380 ብር ይሆናል፤ የመጋቢት መብራት ገና አልታከለበትም። የፋሲካ ሽያጭ ሁሉንም ይከፍልልኛል ብለው አስበው ከሆነ ቆም ብለው ያስሉት። በሬዎቹን በዱቤ የሰጠዎት ነጋዴ በበዓሉ ማግስት በር ላይ ይቆማል፣ በዱቤ ሥጋ የወሰደው ደንበኛ ደግሞ እስከ ወር ደመወዝ ይቆይብዎታል። በመካከል የሚዘለለው ኪራዩ ነው። በዚህ ምክንያት 25,380 ብሩን ዛሬ በአንዴ ክፈሉ አላልንም፤ የበሬ መግዣዎን ወስደን ሱቁን ባዶ ብናደርገው ለእኛም አይጠቅመንም። የምንጠይቀው እንዲህ እንዲከፈል ነው።

እስከ ዓርብ መጋቢት 25 ቀን የየካቲትን ቀሪ 10,000 ብር እና የመብራቱን 1,380 ብር፣ በድምሩ 11,380 ብር ያስገባሉ። ቀኑን የመረጥነው ከሆሳዕና በፊት፣ የበሬ ግዢው ሳይጀመር እንዲያልቅ ነው። የመጋቢትን 14,000 ብር እስከ ሐሙስ ሚያዝያ 8 ቀን ይከፍላሉ። የሚያዝያ ኪራይ በውሉ መሠረት ሚያዝያ 5 የሚከፈል ቢሆንም ለዚህ ወር ብቻ እስከ ሚያዝያ 15 ቀን አራዝመነዋል። ከግንቦት ጀምሮ ወደ 5ኛው ቀን ይመለሳል። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ፣ ማለትም እስከ ግንቦት 23፣ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ሱቅዎ ሳምንቱን ሙሉ ይሠራል። የተራዘመው ቀን በዚያ ይሸፈናል ብለን እናምናለን።

መጋቢት 25 ላይ 11,380 ብር የማይሞላ ከሆነ ቢያንስ 6,000 ብር ያስገቡ፤ ቀሪው 5,380 ብር ከመጋቢቱ ጋር ተደምሮ ሚያዝያ 8 ቀን 19,380 ብር ይሆናል። ይህን ከመረጡ ግን እስከ መጋቢት 23 ድረስ ደውለው ይንገሩን፣ በወረቀት አስፍረን እንፈራረማለን። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ምክንያት እንደ ስምምነት አይያዝልዎትም።

መጋቢት 7 ቀን «ከመያዣው ላይ ይቀነስልኝ» ያሉትን ከወራሾቹ ጋር ተመካክረንበታል፣ መልሳችን አይሆንም ነው። መያዣው 14,000 ብር የተቀመጠው ሱቁን በሚያስረክቡበት ቀን ለሚገኝ ጉዳትና ለመጨረሻው መብራት ነው። በሥጋ ቤት ይህ ጉዳት ትንሽ አይደለም። የሥጋ መስቀያው ብረት ጣሪያው ላይ የተበሳበት ቦታ አለ፤ ከመደቡ ሥር ሦስት ሴራሚኮች ተሰንጥቀዋል። ፍሳሹም ያሳስበናል፦ በደብረ ብርሃን ብርድ ከመታጠቢያው የሚወርደው ሞራ ቱቦው ውስጥ ይረጋል፣ አንዴ ከተደፈነ ግቢው ድረስ ካልተቆፈረ አይከፈትም። መያዣው ዛሬ ለኪራይ ከዋለ ያን ጊዜ የሚይዝልን ነገር አይኖርም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ወንፊት ያድርጉበት፣ መደቡን ከማጠብዎ በፊት ሞራውን በደረቁ ጠርገው ያውጡት፤ እንዲህ ከተያዘ መያዣው ሙሉውን ይመለስልዎታል።

በሕግ በኩል የሚከተለውን ይወቁልን። ይህ ደብዳቤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772 እና 1773 የተጠቀሰው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ውላችንም በአንቀጽ 7 ላይ ውዝፍ ኪራይ በጽሑፍ ከተጠየቀ በኋላ 30 ቀን ይሰጣል፤ ከዛሬ ሲቆጠር እስከ ሚያዝያ 18 ቀን 2018 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እስከዚያ ውዝፉ ካልተከፈለ ወይም በጽሑፍ የተደረገ ሌላ ስምምነት ከሌለ ውሉ እንዲቋረጥና ሱቁ እንዲመለስልን፣ ውዝፉም ከወለዱ ጋር እንዲከፈለን ለፍርድ ቤት እናመለክታለን። በሕጉ የተወሰነው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው፤ በ14,000 ብር ላይ በወር 105 ብር ይመጣል። ከላይ በተቀመጡት ቀናት ከከፈሉ ወለዱን አንጠይቅም።

እስከዚያ ድረስ ቁልፍ አንቀይርም፣ መብራትም ውኃም አናቋርጥም፣ ዕቃዎንም አንነካም። ሰው ልኮ ማስፈራራት የሚባል ነገር ከእኛ በኩል አይኖርም። በውሉ ላይ ለፈረሙት ዋስዎም ግልባጩን ዛሬ አልላክንም፤ መጋቢት 25 ያለ ክፍያና ያለ ስምምነት ካለፈ ግን በማግስቱ እናደርስላቸዋለን። ዋሱ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእርስዎ ቢሰሙት ይሻላል፣ አስቀድመው ይንገሯቸው።

በሒሳቡ ካልተስማሙ፣ ለምሳሌ ያስገቡት ገንዘብ እኛ መዝገብ ላይ ካልታየ፣ ከጥር ጀምሮ ያሉትን ደረሰኞች ይዘው እሑድ መጋቢት 20 ቀን ከቅዳሴ በኋላ በ4 ሰዓት ወደ ቤታችን ይምጡ። መዝገቡን ከፍተን መስመር በመስመር እናስተያያለን፣ ስህተቱ የእኛ ከሆነ እዚያው አርመን እንፈርማለን። በሒሳቡ ተስማምተን በአከፋፈሉ ካልተግባባን አንድ ሽማግሌ እርስዎ፣ አንድ እኛ መርጠን ጉዳዩን እንዲያዩልን ፈቃደኞች ነን። የሽምግልናው ቀን ግን ከሚያዝያ 8 አይለፍ።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቷል። አንዱ ለእርስዎ ነው፣ በሁለተኛው ጀርባ መድረሱን ብቻ ይፈርሙልን፤ ፊርማዎ ሒሳቡን አምኛለሁ ማለት አይደለም። መፈረም ካልፈለጉ አብረው የመጡት ሁለት ምስክሮች መስጠታችንን ይፈርሙበታል።

ሱቁን ከያዙ ወዲህ እስከ ጥር ድረስ አንድም ወር አላሳለፉም፣ ጎረቤቱም በንጽሕናዎና በሚዛንዎ ያመሰግንዎታል። ውሉ እስከ መጨረሻው እንዲዘልቅ እንፈልጋለን። ስለዚህ እስከ መጋቢት 25 ክፍያዎን ወይም ስልክዎን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር

አሰለፈች ደጀኔ
ስለ ራሷና በውክልና ስለ ሁለቱ ወራሾች

አባሪ፦ የየካቲት የመብራት ቢል ፎቶ ኮፒ 1 ገጽ፣ የቆጣሪ ፎቶ 2፣ ከጥር እስከ መጋቢት የተመዘገበ የክፍያ መግለጫ 1 ገጽ