ለቢሮ ልጆች፦ ከሰኞ ኅዳር 8 ጀምሮ በሕክምና ፈቃድ ላይ ነኝ

ውድ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

ሰሞኑን መሳቢያዬን ባዶ ሳደርግና ፋይል ሳስረክብ ያያችሁ «ልትለቂ ነው እንዴ?» ብላችሁኛል። ትናንት ደግሞ ሻይ ቡና ላይ «ቪዛዋ ወጣላት» ተብሎ ሲወራ ደረስኩ። ምነው በወጣልኝ! ነገሩ ግን ሌላ ነው። ሕክምና ስላለብኝ ከሰኞ ኅዳር 8 እስከ ዓርብ ታኅሣሥ 10 ቢሮ አልገባም። ሰኞ ታኅሣሥ 13 ጠዋት እመለሳለሁ። ቀኑ የሚገፋ ከሆነ ለጋሽ ታደሰ እደውላለሁ፤ እሳቸው ይነግሯችኋል።

የሕክምናውን ዓይነት ግን ለራሴና ለቤተሰቤ ይዤዋለሁ። እናንተን ሳላምን ቀርቼ አይደለም፤ ስንት ዓመት ከአንድ ትሪ በልተናል። የበሽታ ስም አንዴ ከተጠራ በኋላ ግን ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ ድምፁ ይለወጣል፤ እሱን አልፈልገውም። ስመለስ እንደ ድሮው «ኦቨርታይሜ ጎደለ» ብላችሁ ብትጨቀጭቁኝ ይሻለኛል። በእናንተ ጤና ላይ የሚያመጣው ነገር ቢኖር ኖሮ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀኝ አስቀድሜ እናገር ነበር።

ጋሽ ታደሰም የሚያውቁት የምቀርበትን ቀን ብቻ ነው። የሐኪም ማስረጃውን በታሸገ ፖስታ ለሰው ሀብት አስገብቻለሁ፤ ስለዚህ እሳቸውን ይዛችሁ አታስጨንቋቸው። «ደመወዟስ?» ለምትሉ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እንደሚለው የመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ይከፈላል፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች በግማሽ። ለሌላው ሰው ስንት ጊዜ ያሰላሁትን ዘንድሮ ለራሴ አሰላሁት።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፤ ጥየቃ። የታመመ ሳይጠይቁ መቅረት በእኛ አገር ቂም እንደሚያስይዝ አውቃለሁ፤ እኔም ብርቱካንና ጁስ አንጠልጥዬ የስንታችሁን በር አንኳኩቻለሁ። የእኔን ግን ተዉልኝ፤ በዚህ የሚቀየም የለም። እውነቱን ለመናገር እናቴ እንግዳ ቡና ሳታጠጣ አትሸኝም፣ ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ደግሞ በሆዷ የሚቀር ነገር የለም። ገንዘብም እንዳታዋጡ፤ ሰላም፣ ይኼ በተለይ ለአንቺ ነው፣ ዝርዝር ስታዘጋጂ አይቼሻለሁ። ጸሎታችሁን ግን አልመልስም። የእቁቤን የአምስቱን ሳምንት ለሒሩት ከፍያለሁ፤ ዕጣው ከወጣልኝ እሷው ጋ ይቆየኝ።

አልጋ ላይ የሚያውል ሕክምና አይደለም። ሜክሲኮ ታክሲ ስጠብቅ ወይም ስታዲየም አካባቢ ቀስ ብዬ ስራመድ ብታገኙኝ «ደህና ሆና ነው የቀረችው» እንዳትሉ። ሰላም በሉኝ፣ ስለ ሌላ ነገር እናውራ።

ሥራውን በተመለከተ፦

የኅዳርን ፔሮል ዮናስ ይሠራዋል። የኦቨርታይም ወረቀት እስከ ኅዳር 22 ካልደረሰው ወደ ታኅሣሥ ያልፋል፤ ለእኔ የምታደርጉትን «ነገ አመጣለሁ» እሱ ላይ እንዳታደርጉበት፣ ልጁ እንደ እኔ አይጮህም። ዮናስ፣ የጡረታው 7 ከመቶና የድርጅቱ 11 ከመቶ ሉሁ ላይ ተቆልፏል፤ አዲስ ሠራተኛ ስትጨምር ከታች ሳይሆን ከመሐል መስመር አስገባ፣ አለበለዚያ ድምሩ አይዘውም። ባለፈው ዓመት በዚህ ምክንያት አንድ ሌሊት አድሬበታለሁ።

ፔቲ ካሹን ሒሩት ተረክባለች። ዛሬ ጠዋት ሁለታችን ቆጥረን 8,450 ብር ሆኖ ተፈራርመናል። የካዝናው ቁልፍ አንዱ እሷ ጋ፣ ሌላው ጋሽ ታደሰ ጋ ነው። የቫት ደረሰኞች በወር በወር ታስረው በግራ በኩል ባለው ሸልፍ ላይ አሉ፤ የጥቅምቱ ሰማያዊ ፋይል ውስጥ ነው። ከአቅራቢዎች አንዱ ቼክ ተፈርሞልኛል ብሎ ቢመጣ ግን አልተፈረመም፤ የቀረ የዕቃ ገቢ ደረሰኝ አለበት፣ እሱን ሳያመጣ እንዳትሰጡት።

ስልኬ አብዛኛውን ቀን ዝግ ይሆናል። የሚያስቸኩል የሥራ ጉዳይ ሲኖር ዮናስ ብቻ በቴሌግራም ይጻፍልኝ፣ ማታ ማታ አየዋለሁ። ሌሎቻችሁ በእሱ በኩል ላኩ። ሳልመልስ ከቆየሁም ክፉ ነገር እንዳትጠረጥሩ፤ ተኝቼ ይሆናል።

መስኮቱ ጋ ያለችውን አበባዬን በሳምንት ሁለት ጊዜ ውኃ የሚያጠጣልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ጋሽ ታደሰ አይሁኑ፤ ያለፈችውን ያሰጠሟት እሳቸው ናቸው።

ማርታ፣ ከሒሳብ ክፍል