ቅዳሜ ወደ ሙዚየሙ የምትመጡ፦ ከስድስት ኪሎ አደባባይ እስከ ራስ መኮንን አዳራሽ

የምንገናኘው ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ደጃፍ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና ታክሲ ውስጥ ሳለ ነው። ለሾፌሩ «ሙዚየም» ብቻ ካላችሁት ሉሲ ወዳለችበት ብሔራዊ ሙዚየም ይወስዳችኋል፤ እሱ ያለው በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ መካከል ነው። «ዩኒቨርሲቲ» ብላችሁም አትተዉት፤ አራት ኪሎ የሳይንስ፣ አምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ግቢ ስላለ አንዱ በር ላይ ልትወርዱ ትችላላችሁ። «ስድስት ኪሎ፣ ዋናው ግቢ» በሉ። ከአራት ኪሎ በእግር የምትመጡ መንገዱ ዳገት ስለሆነ 20 ደቂቃ ያህል ያዙለት።

ስድስት ኪሎ ስትወርዱ መለያችሁ አደባባዩ መሀል የቆመው የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ነው። የዩኒቨርሲቲው ዋና በር ከአደባባዩ ዳር ነው። መኪና ከየአቅጣጫው ስለሚዞር በመሀል አታቋርጡ፤ ዳር ዳሩን ይዛችሁ በዜብራው ተሻገሩ። አንበሳ ግቢ ወይም የካቲት 12 ሆስፒታል በር ላይ ከደረሳችሁ በሩን ስታችኋል፤ ወደ ሐውልቱ ተመለሱ።

በሩ ላይ መታወቂያ ይጠየቃል፣ ቦርሳም ይፈተሻል። ሰልፉ ሊረዝም ስለሚችል ከ3 ሰዓት በፊት በሩ ላይ ብትገኙ ጥሩ ነው። ትልልቅ ሻንጣ አታምጡ። ለጥበቃዎቹ «ለሙዚየም ጉብኝት» በሏቸው፤ የተማሪ መታወቂያ ባይኖራችሁም የመጣችሁበትን ይረዱላችኋል።

ከበሩ በኋላ ዛፍ የከበበውን ዋናውን መንገድ ይዛችሁ ወደ ውስጥ ሂዱ። ወደ ጎን የሚገነጠሉት መንገዶች ወደ መማሪያ ክፍሎችና ቤተ መጻሕፍት ስለሚወስዱ እለፏቸው። ሰው ስትጠይቁ «ቤተ መጻሕፍቱ የት ነው?» አትበሉ፤ ግቢው ውስጥ ከአንድ በላይ ስላለ ሌላ ቦታ ያደርሳችኋል። «የጃንሆይ መኝታ ቤት ያለበት ሙዚየም» ካላችሁ ተማሪው ሁሉ ያሳያችኋል። በዝግታ ቢኬድ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው።

ፏፏቴውና የአትክልት ቦታው ሲታያችሁ ደርሳችኋል። ከፊት ያለው ሰፊ ሕንፃ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ ዛሬ ራስ መኮንን አዳራሽ ይባላል። ከደጃፉ ፊት የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው ሲሆን፣ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ላይ የቆየበትን አንድ ዓመት እንዲያመለክት ታስቦ ነበር። ዛሬ ከአናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። እዚያ ሥር ቆማችሁ ጠብቁን፤ ከሩቅ ስለሚታይ የሚጠፋ ሰው አይኖርም። አንበሳውን ሳታዩ አትግቡ፣ ከጉብኝቱ አንዱ ክፍል ነው።

ኤግዚቢሽኑና የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ፎቅ ላይ ስለሆኑ ደረጃ መውጣት የሚከብዳቸው እናቶችና አባቶች ካሉ ቀድማችሁ ንገሩን፤ አንድ ሰው አብሯቸው በቀስታ ይወጣል። ያረፈደ ሰው ደጅ አይጠብቅ፤ ቲኬት ቆርጦ ይግባና ፎቅ ላይ ይቀላቀለን።