በሩን ያንኳኳው

ጓ። ጓ። ጓ።

ይርጋ ባትሪውን አብርቶ ከጥበቃ ቤቱ ወጣ። በዚህ ሰዓት የጤና ጣቢያውን በር የሚደበድብ ሰው ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ የመጣ ነው፤ ሌላ ምን ይሠራል። “ማነው?” አለ። መልስ የለም። መቀርቀሪያውን ሲስበው ብረቱ ጣቱን እንደ እሾህ ወጋው። ውጭ ማንም አልነበረም። አመሻሹ ላይ ከጮቄ ሲወርድ የነበረው ነፋስ ቆሟል፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ሣሩ ላይ አመዳይ ተነጥፏል። ነፋስ ያለበት ሌሊት ይሻል ነበር። ታኅሣሥ እንዲህ ጭጭ ሲል ነው የሚያደርቀው።

ጓ።

ከኋላው ነው። ከቦይለር ቤቱ።

ጋቢውን እየሰበሰበ ሮጠ። እዚያ ግድግዳ ሥር ተጠቅልላ የምታድረው ውሻ ተነሥታ ርቃ ቆማለች። በሩን ሲከፍት ቦይለሩ እንደገና ጓ አለ፤ በሆዱ ድንጋይ የሚያንከባልል ይመስላል። እሳቱ ደህና ይነዳል፤ ባሕር ዛፉን ከሁለት ሰዓት በፊት ራሱ ነው የማገደው። ወደ ክፍሎቹ የሚሄደውን ቧንቧ በመዳፉ ነካው። ቀዝቃዛ ነው። እሳቱ አለ፣ ሙቀቱ ግን አይሄድም። ውሃ አንሶታል ማለት ነው።

ይህን ቦይለር በጎ አድራጊዎች ካመጡት ስድስት ዓመቱ ነው። የተከለው ከደብረ ማርቆስ የመጣ ቧንቧ ሠራተኛ ሁለት ቀን ሙሉ ይርጋን አጠገቡ አቁሞ አሳየው፤ ዘበኛ ብሎ አልናቀውም። ነገሩ ቀላል ነው፤ ፓምፕ እንኳ የለው። የጋለው ውሃ በራሱ ይወጣል፣ ራዲያተሮቹን ዞሮ የቀዘቀዘው ይወርዳል፤ የጎደለውን ኮርኒሱ ላይ ያለች ትንሽ ታንከር ትሞላለች። የትንፋሽ ቧንቧው ጣሪያ ላይ ክፍት ስለሆነ አይፈነዳም። ሰውየው አጥብቆ የነገረው አንድ ነገር ነበር፦ “ውሃ ሲያጥረው ደንግጠህ ቀዝቃዛ እንዳትጨምርበት። የጋለ ምጣድ ላይ ውሃ ብታፈስ ምን ይሆናል? እሱም ይሰነጠቃል።”

የአየር መግቢያውን ዘጋ። ፍሙን በአካፋ እያወጣ ግቢው ውስጥ ቆርቆሮ ላይ ከመረው።

“ጋሽ ይርጋ!” ሲስተር ትዕግሥት በኮሪደሩ በር ብቅ አለች። “ራዲያተሩ ሞቷል እኮ። ሕፃኑ 36.1 ሆነብኝ።”

ማታ 3 ሰዓት ላይ የተወለደው ነው፤ 2 ኪሎ ከ300። ጨቅላ ከ36.5 ሲወርድ መቀዝቀዝ ጀምሯል ማለት መሆኑን ይርጋም ያውቃል፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲሉ ሰምቷል።

“ከናቱ ገላ ጋር አድርጊው።”

“አድርጌዋለሁ። ኮፍያም አለው። ክፍሉ ነው የሚያሳስበኝ።”

አያትየዋ በጉያዋ ሥር አልፋ ወጣች፤ ነጠላዋን በጋቢ ላይ ደርባለች። ፍሙን ስታይ ፊቷ በራ። “ይኸው እሳት! በምድጃ አድርጋችሁ አስገቡልና!”

“አይሆንም እናቴ” አለች ሲስተር። “ክፍሉ ዝግ ነው፣ ፍሙ ይመታቸዋል።”

“እኔ ሰባት የወለድሁት በምድጃ ዳር አይደል?”

“የርስዎ ቤት ጣሪያ ሣር ነው፤ ይተነፍሳል” አለ ይርጋ። “ይህ ሲሚንቶ ነው። ይልቅ ይቺን ድስት ይጣዱልኝ።”

ከማድ ቤቱ በርሜል በላዩ የጋገረውን በረዶ በአካፋ እጀታ ሰብሮ ውሃ ቀዳ። መጀመሪያ የፈላው በሃይላንድ ጠርሙስ ሳይሆን (ይኮማተራል) በሁለት ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ቀዝቀዝ ተደርጎ ገባ፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ እመጫቷ እግር ሥር፣ ከሕፃኑ ራቅ ብሎ።

መሰላል አቁሞ ወጣ። ታንከሯ ደርቃለች፤ ተንሳፋፊው ቁልቁል ተንጠልጥሏል። አንዱ ራዲያተር ጠብ ጠብ ማለት ከጀመረ ሳምንት አልፎታል፣ ለዚያ ነው ጣሳ ያስቀመጡለት፤ የጎደለውን ግን ከምንጩ የሚመጣው መስመር መተካት ነበረበት። ወርዶ ከሰሜኑ ግድግዳ ጋር ቧንቧውን በባትሪ ተከተለው። እስከ መስኮቱ ድረስ ጥቁሩ ስፖንጅ እንደለበሰ ነው። ከመስኮቱ ቀጥሎ፣ ክንድ ተኩል የሚሆን፣ ብረቱ ራቁቱን ቆሟል። አመዳይ ይዞታል።

ስፖንጁ አልተበጣጠሰም፤ ከላይም ከታችም በቢላ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል።

ባትሪውን የተቆረጠው ጫፍ ላይ እንዳበራ ቆመ። የልጁ የሙሉቀን ኳስ ትዝ አለችው። ባለፈው እሑድ በአሮጌ ካልሲ ሰፍቶ ያመጣት ኳስ፤ ከሌሎቹ የጨርቅ ኳሶች በተለየ አጥሩን ነጥራ ስታልፍ እሱ ራሱ ነበር በደስታ ያጨበጨበው። “ምን ከተህባት ነው?” ብሎት ነበር። ልጁ ሳቀና ሮጠ።

“ምን ሆንህ አንተ? ፈዘህ ቀረህ!” አያትየዋ ድስቱን በጨርቅ ይዛ መጥታለች።

“ምንም” አለ።

ጆንያ ቀደደ፤ እየነከረ፣ እየጨመቀ፣ ቧንቧው ላይ መጠቅለል ጀመረ። ከላይ፣ ታንከሯ ካለችበት ወገን፤ የሟሟው መውጫ እንዲያገኝ። ከመሃል ቢጀምር በሁለት በረዶ መካከል ታፍኖ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ፍሙን አስጠግቶ መጨረስም ይቻል ነበር፤ የመጋጠሚያው ጎማ ግን ይቀልጣል። ጨርቁ ባንድ ትንፋሽ ይቀዘቅዛል። እሱ ይጠቀልላል፣ እሷ ትነክራለች። እጇ የፈላ ውሃ የለመደ እጅ ነው፤ የእሱ ጣቶች ግን ቆይተው አልታዘዝ አሉ። አንድ ጊዜ “የማንን በደል ነው እንዲህ የምናጥበው?” አለች። ለቀልድ ነበር። ይርጋ አልሳቀም።

ሦስተኛው ድስት ሲጋመስ ቧንቧው ውስጥ ቀጭን ነገር ሲር አለ። ቆመ። እንደገና ሲር አለ፤ ከዚያ ኮርኒሱ ላይ ውሃ ሲወርድ ተሰማ።

“መጣ!” አለች አያትየዋ፣ ማተቧን ይዛ።

ወዲያው ወደ ቦይለሩ አላስገባውም። ቫልቩን ዘግቶ፣ ብረቱ እጅ እስኪያስቀምጥ ጠበቀ፤ ከሌሊቱ ሁሉ የረዘመችው ያቺ ሰዓት ነበረች። ሲስተር ሁለት ጊዜ መጥታ ምንም ሳትናገር ተመለሰች። ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ለቀቀው። ትንሿን ቁልፍ ይዞ ከራዲያተር ራዲያተር እየዞረ አየሩን አስወጣ፤ እያንዳንዱ ይተነፍሳል፣ ይተፋል፣ ቀጥሎ ውሃ ይረጫል። ያንን ጠብታ ያለበትን በጎማ ቁራጭ አስሮ አጠበቀው። ፍሙን መለሰ፣ ደረቅ ደረቁን ማገደ።

11 ሰዓት ላይ የድኅረ ወሊዱ ክፍል ራዲያተር ከላይ ሞቀ፣ ቆይቶ ከታችም። እመጫቷ አንቀላፍታለች፤ ሕፃኑ ደረቷ ላይ ከጋቢው ሥር ኮፍያው ብቻ ይታያል። ሲስተር ቴርሞሜትሩን ወደ መብራት አዙራ አነበበች። “36.6።”

ራቁቱን የቀረውን ቧንቧ በገለባና በጆንያ ጠቅልሎ በሽቦ አሰረው። ከዚያ ጥበቃ ቤቱ ገብቶ መዝገቡን ገለጠ። ቀለሙ ስለ ረጋ እስክሪብቶውን በትንፋሹ አሞቀ።

“ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ20 ቦይለር ቆመ። ምክንያት፦ የውሃ መስመር በውርጭ በመያዙ። መስመሩ የተያዘበት ምክንያት፦ የለበሰው ስፖንጅ ተቆርጦ በመወሰዱ።”

እስክሪብቶውን አነሣ። ወፎች መንጫጫት ጀምረዋል። ውሻዋ ገና ቦይለር ቤቱን አላመነችም፤ በሩ ላይ ተቀምጣለች።

“ወሳጁ ታውቋል” ብሎ ጨመረ። “ልጄ ነው። ዛሬ ይመልሳል።”

ፈረመ፤ ከሥር ደግሞ በትንንሹ፦ “ካልሲ ኳስ የሚሞላ አሮጌ ጨርቅ ያለው ለዘበኛ ቢሰጥ።”